ካርቶን ቆጥሮ መፈረም ርክክብ አይደለም

ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን አንድ ኢሱዙ ወደምሠራበት ሆስፒታል ግቢ ገብቶ ጀርባውን ለግምጃ ቤቱ በር ሰጠ። ሹፌሩ ሳይመሽ ወደመጣበት መመለስ ይፈልጋል። አራጋፊዎቹ ሂሳባቸውን ተቀብለው መሄድ ይፈልጋሉ። ለእኔም ዓርብ ነው፤ ቤቴ ይጠብቀኛል። ፓኪንግ ሊስቱ 81 ካርቶን ይላል። ወረደ፣ ተቆጠረ፣ 81 ሆነ። ሹፌሩ የርክክብ ወረቀቱን ዘርግቶ እስክሪብቶውን እያቀበለኝ «ጋሼ፣ ሙሉ ነው፤ ይፈርሙልኝና ልሂድ» አለኝ።

ሙሉ አልነበረም። ከታዘዘው ጓንት ግማሹ አልመጣም። ለአራስ ሕፃናት ከታዘዘው ካኑላ ሲሶው በሌላ መጠን ተተክቷል። ከኖርማል ሳላይኑ ያፈሰሰ አለ። ከስኳር መለኪያ ስትሪፑ 12 ፓኬት የለም። ይህ ሁሉ ሆኖ ካርቶኑ 81 ነው፤ አንድም አይጎድል፣ አንድም አይተርፍ።

በዕቃ ግምጃ ቤት ሥራ ላይ የቆየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ አነጋገር አለ፦ «ካርቶኑ ከሞላ ፈርም፤ የውስጡ በኋላ ይታያል።» አዲስ ለሚቀጠር ሠራተኛ እንደ ሙያ ምክር ይነገረዋል። ኃላፊዎች ይሉታል፣ ግዥ ክፍል ይለዋል፣ ሹፌሮች ይሉታል። ጎደለ ብሎ የሚጽፍ ሠራተኛ ግን ነገረኛ፣ ሰው የማያምን፣ ሥራ የሚያጓትት ተብሎ ይታማል። እኔ ይህ ምክር ከሥር እስከ ጫፍ ስህተት ነው እላለሁ። ምክንያቴንም በዚያ ዓርብ በመጣው ጭነት አስረዳለሁ፤ ምክሩን ብሰማ ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር እያንዳንዱ ካርቶን በየራሱ መንገድ ያሳያልና።

ከጓንቱ ልጀምር። ከካርቶን ቁጥር 1 እስከ 20 ያለው የምርመራ ጓንት ነው። የእኛ የግዥ ትእዛዝ «20,000 ጥንድ» ይላል። ፓኪንግ ሊስቱ «20,000» ይላል፤ ከጎኑ ባለችው ጠባብ ዓምድ ውስጥ ደግሞ «ፒስ» ተብላ የተጻፈች ቃል አለች። አንዱን ካርቶን ከፈትኩ። ውስጡ 10 ሣጥን አለ፤ በእያንዳንዱ ሣጥን ላይ 100 ፍሬ የሚል ተጽፏል። 100 ፍሬ ጓንት 50 ጥንድ ነው። ስለዚህ አንድ ካርቶን 500 ጥንድ፣ 20 ካርቶን 10,000 ጥንድ ይሆናል። ግማሹ የለም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ካርቶኑ ከፓኪንግ ሊስቱ ጋር ይስማማል። የፓኪንግ ሊስቱ አኃዝም ከትእዛዙ አኃዝ ጋር ይስማማል። የማይስማማው መለኪያው ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ካርቶን በመቁጠር ማንም አያገኘውም። ኢንቮይሱን ሳይ 20,000ው በጥንድ ዋጋ ተባዝቷል። ፈርሜ ብቀበል ኖሮ ሆስፒታሉ ለ10,000 ጥንድ የ20,000 ጥንድ ዋጋ ይከፍል ነበር፤ ሰነዶቹም ሁሉ ንጹሕ መስለው ይታዩ ነበር። ስለዚህ ርክክብ የሁለት ነገር ማመሳከር ነው የሚለውንም አልቀበልም። ዕቃውን ከፓኪንግ ሊስት ጋር ብቻ ያስተያየ ሰው ላኪው «ይህን ልኬያለሁ» ያለውን አረጋገጠ እንጂ ያዘዘውን መቀበሉን አላረጋገጠም። ትእዛዙ፣ ፓኪንግ ሊስቱና ዕቃው ሦስቱም ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው፤ ከአኃዙ አስቀድሞ የሚነበበውም መለኪያው ነው። ጥንድ ነው ወይስ ፍሬ? ፓኬት ነው ወይስ ካርቶን? በእኔ ልምድ ትልልቅ ጉድለቶች በብዛት የሚደበቁት በዚህች ዓምድ ውስጥ ነው።

ካኑላው ሌላ ነገር አስተማረኝ። ያዘዝነው 24 ጌጅ ነበር፤ 6,000 ፍሬ፣ በ6 ካርቶን፣ ከቁጥር 21 እስከ 26። ካኑላ በቀለም ይለያል፤ 24 ጌጅ ቢጫ ነው፣ 22 ሰማያዊ፣ 20 ሮዝ፣ 18 አረንጓዴ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መርፌው ይቀጥናል፤ ቢጫው የሚፈለገውም ለአራስና ለጨቅላ ሕፃን ቀጭን የደም ሥር ነው። ካርቶን 25ን እና 26ን ስከፍት ሰማያዊ ቀለም ታየኝ። የካርቶኑ ምልክትም በግልጽ 22 ይላል። ፓኪንግ ሊስቱ ግን ስድስቱንም በአንድ መስመር 24 ብሎ አስቀምጧቸዋል። ምናልባት ላኪው ጋ 24 አልቆ ይሆናል፤ ምናልባት መጋዘኑ ውስጥ ተሳስተው አንስተውት ይሆናል።

በዚህ ጊዜ አብሮኝ የነበረ ባልደረባ «ያው ካኑላ አይደል? ዋጋውም አንድ ነው፤ በ24ቱ ካርድ ግባው» አለኝ። ክፋት አስቦ አይደለም፤ ሥራ ሊያቀልልኝ ነው። ቢሆንም ከጉድለት ሁሉ የሚከፋው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። የጎደለ ዕቃ ቢያንስ አለመኖሩ ይታወቃል። በሌላ ዕቃ ስም የገባ ዕቃ ግን በካርድ ላይ አለ፣ በመደርደሪያ ላይ የለም። ቢን ካርዱ 6,000 ቢል የሚቀጥለውን ትእዛዝ የሚያዘጋጀው ፋርማሲስት በ6,000 ያሰላል። እውነቱ 4,000 ነው። ስለዚህ ዕቃው ካርዱ ካሰበው ቀድሞ ያልቃል፤ ማለቁ የሚታወቀውም ሌሊት ተረኛ ነርስ ቢጫ ፈልጋ ሰማያዊ ስታገኝ ነው። በ22 ሞክራ የሕፃኑ ሥር ሲፈነዳባት ይህን ከዓርቡ ፊርማዬ ጋር የሚያያይዘው ሰው አይኖርም። ዋጋው እኩል ስለሆነ ኦዲተሩም አያገኘውም፤ የሂሳብ መዝገብ ላይ 2,000 ትርፍ 22 እና 2,000 ጎዶሎ 24 ተጣፍተው ዜሮ ይሆናሉ።

ስለዚህ የተተካ ዕቃ ሁለት መስመር ይጻፍለታል። በአንዱ መስመር «24 ጌጅ፦ የተዘረዘረ 6,000፤ የተረከብነው 4,000፤ የጎደለ 2,000» ይባላል። በሌላው መስመር «22 ጌጅ፦ ያልታዘዘ፣ ያልተዘረዘረ፤ የመጣ 2,000» ይባላል። ትርፉ ጎዶሎውን አይሸፍነውም፤ አንዱ ከሌላው አይቀነስም። ያልታዘዘው ዕቃም የሚመለከተው ሰው፣ በእኛ ቤት ፋርማሲስቱና ግዥ ክፍሉ፣ እንቀበለው ወይም እንመልሰው ብለው በጽሑፍ እስኪወስኑ ድረስ ለብቻው ይቀመጣል። የግምጃ ቤት ሠራተኛ «ያው ነው» የማለት ሥልጣን የለውም። ካኑላ ብቻም አይደለም። የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ከራሱ መሣሪያ ጋር ብቻ ነው የሚሠራው፤ በሌላ ስያሜ የመጣ ስትሪፕ ቁጥሩ ሙሉ ቢሆን እንኳ ለእኛ መሣሪያ እንዳልመጣ ይቆጠራል።

ሳላይኑ 50 ካርቶን ነው፣ በካርቶን 12 ጠርሙስ፣ ባለ 1 ሊትር። ካርቶን 41፣ 42 እና 43 እርጥብ ነበሩ። ጉዳት ሲያዩ ሰዎች ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራሉ። አንዱ «ትንሽ ረጥቧል እንጂ ምንም አልሆነም» ብሎ ማለፍ ነው። ሌላው «3 ካርቶን ተበላሽቷል» ብሎ ጽፎ መገላገል ነው። ሁለቱም ሳያዩ መፍረድ ነው። ፈሳሽ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች ያለው ካርቶን ስለረጠበ ያፈሰሰው እሱ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የትኛው በየትኛው ላይ ተደርድሮ እንደነበረ ነው። ከላይ የነበረው 41 ነው። ሠላሳ ስድስቱንም ጠርሙስ አንድ በአንድ አውጥተን በጨርቅ አደረቅንና ገልብጠን ጨመቅናቸው። ሁለቱ፣ ሁለቱም ከ41 የወጡ፣ ከክዳናቸው ሥር ጠብታ አወጡ። የሌሎቹን ውሃ ወደ ብርሃን አድርገን አየነው፤ የደፈረሰ ወይም ነገር የሚንሳፈፍበት አላገኘንም። ሠላሳ አራቱን ፋርማሲስቱ ራሱ መርምሮ ተቀበለ። ሁለቱ ቀይ ወረቀት ተለጥፎባቸው ወደተለየው ቦታ ሄዱ። ስለዚህ የጻፍነው «3 ካርቶን እርጥብ፤ 36 ጠርሙስ ተመርምሮ 2 ያፈሰሰ፣ 34 ደህና» ነው። ሻጭ ሊከራከርበት የማይችለው ጽሑፍ እንዲህ ያለው ነው፤ «ተበላሽቷል» የሚለውን ግን ማንም ይከራከርበታል።

ስትሪፑ ላይ ግን መቆየት እፈልጋለሁ፤ የክርክሩ ሥር ያለው እዚያ ነውና። ከቁጥር 77 እስከ 81 ያሉት አምስት ካርቶኖች እያንዳንዳቸው 60 ፓኬት ይይዛሉ። አራቱ ላይ የፋብሪካው ስም የታተመበት ቴፕ አለ። ቁጥር 79 ላይ ግን ከዚያ ቴፕ በላይ ሌላ፣ ምንም ያልታተመበት ቡናማ ቴፕ ተለጥፏል። ከፓኪንግ ሊስት ዓምዶች ሰዎች ልብ የማይሉት አንድ አለ፤ እሱም የክብደቱ ዓምድ ነው። በኢንቮይስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋና ብዛት እንጂ የእያንዳንዱ ካርቶን ክብደት አይገኝም፤ በፓኪንግ ሊስት ላይ ግን ጥቅሉ ክብደት ይጻፋል። አምስቱም ካርቶን በሊስቱ ላይ እኩል ክብደት ነው ያላቸው። በግምጃ ቤቱ ሚዛን አንድ በአንድ አስቀመጥናቸው። አራቱ እኩል መዘኑ። 79 ከእነሱ 600 ግራም ያህል ቀለለ። ያን ጊዜ ነው ሹፌሩን የጠራሁት።

«ወንድሜ፣ ና እዚህ ቁም፤ ይህን ካርቶን አንተ ባለህበት ነው የምከፍተው» አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ፣ እኔን ሌባ እያሉኝ ነው?» አለኝ። «አይደለም፤ እንዲያውም ሌላ ሰው እንዳይልህ ነው» አልኩት። ካርቶኑ ከመከፈቱ በፊት ቁጥሩና ሁለቱ ቴፖች አብረው እንዲታዩ ፎቶ ተነሣ። ፋርማሲስቱ መጣ። ከፈትን፣ ቆጠርን፤ 48 ፓኬት ነው። አሥራ ሁለቱ የሉም።

አሁን ልብ በሉ። ካርቶን 79 በራሱ የፋብሪካ ቴፕ እንደታሸገ ቢሆንና ውስጡ 48 ቢገኝ ጉድለቱ ከማሸጊያው ቤት ነው የመጣው፤ የሚጠየቀው ሻጭ ነው። በሌላ ቴፕ ዳግም ተለጥፎ 48 ሲገኝ ግን በመንገድ ላይ ወይም በመካከል ባለ መጋዘን ሰው ከፍቶታል የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ የሚጠየቀው ያጓጓዘው ነው። ሳልመረምር ፈርሜ ቅዳሜ ወይም ማክሰኞ ብከፍተው ደግሞ ጉድለቱ የግምጃ ቤቱ ነው፤ የሚጠየቀው ቁልፍ የያዘው ሰው ነው፣ ማለትም እኔ። ያው 12 ፓኬት በምን ሰዓትና በማን ፊት እንደተቆጠረ ብቻ ከሦስት ሰው ወደ አንዱ ይሄዳል። ፊርማ ምንም አያሟላም፤ የሚያደርገው ጉድለትን ከአንዱ ትከሻ ወደሌላው ማሻገር ነው። «በኋላ ይታያል» የሚሉት ሰዎች ይህን አያዩም። በኋላ የሚታየው ጉድለቱ ብቻ ነው፤ የጉድለቱ ባለቤት ያን ጊዜ አይታይም።

ስለዚህ ካርቶን ከመከፈቱ በፊት የሚጻፈው ከተከፈተ በኋላ ከሚጻፈው አይተናነስም። ቴፑ ምን ዓይነት ነው? ማዕዘኑ ተቀጥቅጧል? ከታች ተከፍቶ ይሆን? ብዙ ሰው ላዩን ብቻ ያያል፤ ካርቶን ግን ከታችም ይከፈታል። በኮንቴይነር ለሚመጣ ጭነትም ነገሩ ይኸው ነው። ከጅቡቲ ሞጆ ድረስ የመጣ ኮንቴይነር በሩ ላይ ያለው ሲል ሳይነካ ሲደርስ «ሲሉ ደህና ነው፤ ስለዚህ ሙሉ ነው» ይባላል። ሲል የሚመሰክረው በሩ ከታሸገበት ሰዓት ወዲህ አለመከፈቱን ብቻ ነው፤ ያውም ቁጥሩ በጭነት ሰነዱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ ሲሆን ነው። ሲታሸግ የጎደለ ጎድሎ ይደርሳል። መርከብ ድርጅቱም አብዛኛውን ጊዜ የታሸገ ኮንቴይነር ተረክቦ ላኪው ያለውን ይጽፋል እንጂ ከፍቶ አይቆጥርም። ሲሉ ደህና ሆኖ ዕቃ ሲጎድል የሚወሰደው እርምጃ የክስ ደብዳቤውን ለአጓጓዡ ሳይሆን ለሻጩ መጻፍ ነው። ለዚህም የሲሉን ቁጥርና ሁኔታ በሩ ሳይከፈት መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል።

ሕጉም ከ«በኋላ ይታያል» ጋር አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሽያጭ ክፍል ገዢው ዕቃውን በተቻለው ፍጥነት እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። በባሕር ለሚጓዝ ጭነት በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራባቸው የሄግ ደንቦች ደግሞ ይበልጥ ይጠብቃሉ፤ በዓይን የሚታይ ጉድለት በርክክቡ ጊዜ፣ በዓይን የማይታይ በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተገለጸ ዕቃው በሰነዱ ላይ እንደተጻፈው ሆኖ እንደደረሰ ይገመታል። በአየር ለመጣ ጭነት የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት ለብልሽት የሚሰጠው ጊዜ ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ 14 ቀን ነው። ስለዚህ ካርቶን ሳይከፈት መደርደሪያ ላይ ቁጭ ባለ ቁጥር የሚያልፈው ቀን የተረካቢው መብት ነው። በእኛ ግምጃ ቤቶች ካርቶን የሚከፈተው ዕቃው ሲፈለግ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ አስፈሪ ነገር ነው፤ ስድስት ወር ተቀምጦ የሚከፈት ካርቶን አለና።

የሌላው ወገን ብርቱ ክርክር «ጊዜ የለም» የሚለው ነው፤ እውነት ስላለበት ልሸሸው አልፈልግም። 81 ካርቶን ሁሉ ተከፍቶ እያንዳንዱ ፍሬ ይቆጠር ካልን አንድ ቀን አይበቃም። መኪናውም ቆሞ አያድርም። ከዚያም በላይ የታሸገ የሕክምና ዕቃ ያለ ምክንያት መክፈት በራሱ ጉዳት ነው፤ አቧራ ይገባዋል፣ ቀጥሎም «ማን ከፈተው?» የሚል ጥያቄ ያመጣል። እኔ ሁሉም ይከፈት አልልም። በዚያ ዓርብ የከፈትነው ከ81 ውስጥ 11 ካርቶን ነው። ከጓንቱ አንድ፤ ሃያዎቹም አንድ ዓይነት ምልክትና አንድ ዓይነት የባች ቁጥር ስላላቸው አንዱ ለሁሉ ይናገራል። ከካኑላው አራት፤ ሁለት ምልክት ስላየን ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት። ከሳላይኑ ሦስቱ እርጥብና አንድ ደረቅ። ከስትሪፑ ቁጥር 79 እና ለማነጻጸሪያ ሌላ አንድ። የቀረው በውጭ ምልክቱ፣ በባች ቁጥሩ፣ በማብቂያ ቀኑና በቴፑ ታየ፤ ስትሪፑም በሚዛን። ሁሉ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ።

እዚህ ላይ ድንበሩንም መናገር አለብኝ። ከሃያ ጓንት ካርቶን አንዱን ከፍቶ ስለ አሥራ ዘጠኙ መናገር የሚቻለው ካርቶኖቹ ፋብሪካ እንዳሸጋቸው ሲሆኑ ነው። የተለያየ ባች፣ የተለያየ ቴፕ፣ ወይም በእጅ የተጻፈ ምልክት በታየበት ቅጽበት ያ ካርቶን ከወገኖቹ ተለይቶ ራሱን ችሎ ይመረመራል። ደግሞም በናሙና የታየው በናሙና እንደታየ መጻፍ አለበት። «20 ካርቶን፤ 1 ተከፍቶ ተቆጥሯል፤ 19 በውጭ ምልክት ታይቷል» ማለት እውነት ነው። «20 ካርቶን ተቆጥሮ ሙሉ» ማለት ሐሰት ነው፤ ዕቃው በኋላ ሙሉ ሆኖ ቢገኝ እንኳ የተጻፈበት ቀን ሐሰት ነበር።

ጊዜ የሌላቸው ሰዎች የሚወዱት አንድ መሸሸጊያ አለ። በርክክብ ወረቀቱ ላይ «ወደፊት በቆጠራ የሚረጋገጥ» ብለው ጽፈው ይፈርማሉ፤ ራሳቸውን የጠበቁም ይመስላቸዋል። ያ ቃል ባይኖር ይሻላል አልልም። ነገር ግን ምን እንደጎደለ፣ የትኛው ካርቶን እንደረጠበ፣ የትኛው ቴፕ እንደተነካ አይናገርም። ሹፌሩ ሄዶ በሦስተኛው ቀን ጉድለት ሲነሣ አጓጓዡ «በእኔ ጊዜ የታየ ነገር የለም፤ ራሳችሁ አልጻፋችሁም» ይላል፤ መልስም የለንም። በየጭነቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚጻፍ ቃል ስለ አንዱም ጭነት ምንም አይመሰክርም።

ስለ መተማመን የሚነሣውን ክርክር ግን በፍጹም አልቀበለውም። «መቁጠር አለማመን ነው» ይላሉ። እንዲህ የሚሉት ሰዎች ራሳቸው የዕድር አባል ናቸው። የዕድር ዕቃ ቤት ጠባቂ ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ሳህኑንና ብርጭቆውን ለሐዘንተኛ ቤት ሲያወጣ ቆጥሮ ያወጣል፤ ሲመለስም ቆጥሮ ይቀበላል። የተሰበረ ብርጭቆ ካለ ይጻፋል፣ ይተካል። በሐዘን ቤት እንኳ ማንም አይቀየምም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተማምኖ ስለሚኖር ነው የሚቆጠረው። ዕቁብ ላይ ገንዘብ በሰው ፊት ሲቆጠር «አላመንከኝም» የሚል የለም። ታዲያ በሆስፒታል በር ላይ ሲሆን መቁጠር እንዴት ስድብ ሆነ? እኔ የሚመስለኝ የምናከብረው መተማመንን አይደለም፤ ይሉኝታን ነው። ይሉኝታ ደግሞ ሹፌሩን አይጠብቀውም። 79ን እሱ ባለበት ባልከፍተው ኖሮ ጉድለቱ ሲገለጥ ስሙ በሌለበት ይነሣ ነበር፤ ቴፑ እሱ ከመረከቡ በፊት ተለጥፎ እንደሆነም የሚናገርለት አይኖርም ነበር። እሱ ራሱ ስልኩን አውጥቶ ዕቃውን ከመጋዘን ሲረከብ ያነሣውን ፎቶ አሳየን፤ ቡናማው ቴፕ ያን ጊዜም ነበረ። ያንንም ጻፍነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ገቢ ደረሰኙ ነው፤ ብዙው ጥፋት የሚፈጸመውም እዚያ ላይ ነው። ሞዴል 19 ከፓኪንግ ሊስት ላይ እየተገለበጠ ይሞላል። ቁጥሩ ሥርዓት ያለው ነው፣ በታይፕ የተጻፈ ነው፣ መገልበጥ ይቀላል። ሞዴል 19 ግን «ገባ» የሚል ሰነድ ነው፤ መጻፍ ያለበትም የገባው ብቻ ነው። በፓኪንግ ሊስቱ ላይ ሠርዞ ማረምም ልክ አይደለም፤ ሊስቱ የላኪው ቃል ነው፣ እንዳለ ይቀመጥ። የእኛ ቃል በራሳችን ወረቀት ላይ ይጻፋል። እኛ አንድ ገጽ ቃለ ጉባኤ ያዝን። በእያንዳንዱ መስመር የካርቶን ቁጥር፣ የዕቃው ስም፣ ባች፣ የተዘረዘረው፣ የደረሰው፣ ልዩነቱና የታየው ነገር ተጻፈ። የ79ኙ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ካርቶን 79፤ ስትሪፕ፤ የተዘረዘረ 60፤ የደረሰ 48፤ የጎደለ 12፤ ከፋብሪካው ቴፕ በላይ ያልታተመ ቡናማ ቴፕ፤ ከሌሎቹ አራት 600 ግራም ያህል የቀለለ፤ ሹፌሩ፣ ፋርማሲስቱና ግምጃ ቤቱ ባሉበት ተከፈተ፤ ሹፌሩ ሲረከብም ቴፑ እንደነበረ ፎቶ አሳይቷል።» ከሥሩ ሰዓቱ፣ የመኪናው ሰሌዳና ሦስት ፊርማ አለ። ሹፌሩ አልፈርምም ቢል ኖሮ «ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆነም» ተብሎ በምስክር ይጻፍ ነበር፤ አለመፈረሙ መዝገቡን አያፈርሰውም።

ሹፌሩ አንድ ቅጂ ወሰደ። ሰኞ ጠዋት ከፎቶዎቹ ጋር ለሻጩ ደብዳቤ ሄደ። ግዥ ክፍል ውስጥ ያለ አንድ ባልደረባዬ «ስንት ዓመት አብረውን የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ አስቀየምካቸው» አለኝ። ሻጩ ግን ቅሬታ አላነሣም፤ ያነሣው ክርክር ነው። ስለ ጓንቱ «ሊስታችን ፒስ ነው ያለው» አለ። ኢንቮይሱ በጥንድ ዋጋ መባዛቱን ስናሳየው ሌላ 20 ካርቶን ላከ። ካኑላው ላይ ምንም አልተከራከረም፤ ሁለት ካርቶን ቢጫ ልኮ ሰማያዊውን መልሶ ወሰደ። ሁለቱን ጠርሙስ ከሂሳቡ ቀነሰ። ስትሪፑን በተመለከተ የሹፌሩ ፎቶ ጥያቄውን ከመንገድ ላይ አንሥቶ ወደ ሻጩ መጋዘን መለሰው፤ እነሱም የራሳቸውን የወጪ መዝገብ እያዩ ነው። አሥራ ሁለቱ ፓኬት እስካሁን አልመጣም። በቢን ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር 288 ነው፤ መደርደሪያው ላይ ያለውም 288 ነው።